ማሰሪያውን በጣታችሁ ተከተሉት

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ላይ ለጫማ ነጋዴዎችና ለፎቶ አንሺዎች ያደረግኩት ንግግር። ከቅጂው ላይ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ቬንትሌተሩም እንደምታዩት ጮኸ እንጂ አልነፈሰም። ቶሎ ልጀምር።

ዛሬ ስለ አንድ ባነር ነው የማወራው። ባነሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። ባለ ሱቋ እዚህ ተቀምጣለች፣ ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለች። ሱቁ እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በላይ አልናገርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የገባ ነጭ የቆዳ ስኒከር ነበራት። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ዙሪያውን የተሰፋ። ለሱቁ በር ሁለት ሜትር ባነር ፈለገች። ጫማው ከፊትም ከጎንም እንዲታይ፣ ሶሉም እንዲወጣ ነው ያለችኝ። እኛ ፎቶ አንሺዎች ስሪ ኳርተር የምንለው አቀማመጥ ማለት ነው። ጫማው ሙሉ በሙሉ በጎኑ አይቆምም፣ ሙሉ በሙሉም ፊቱን አይሰጥም። በመካከል ነው።

እኔ ደግሞ ያን ሳምንት ሠርግ ነበረብኝ። ሰነፍኩ። ጫማውን ሱቅ ሄጄ ከማንሳት በኤአይ ምስል መሥሪያ ላይ ጻፍኩና አሠራሁት። በስልክ ላይ ሳየው እጅግ ያምራል። ብርሃኑ፣ ጥላው፣ የቆዳው ወዝ። ላክሁላት፣ ወደደችው፣ ታተመ፣ ተሰቀለ።

ከሱቁ አጠገብ፣ ከባነሩ ሥር ማለት ይቻላል፣ አንድ ጫማ ሰፊ አባት ይቀመጣሉ። ወስፌያቸውን ይዘው ቀና አሉና ባነሩን አዩት። ከዚያ ጠሩኝ። እዚህ አገር አንቱታ ብዙም አይጠይቅም፣ እሳቸውም እኔን በአንተ ነው፣ ሰፈሩም እሳቸውን በአንተ ነው።

«አንተ! ና እስቲ። ይሄን ጫማ ማነው ያሰረው?»

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«እዚህ ቀዳዳ አንድ ማሰሪያ ገባ። ከላይ ሦስት ወጣ። ሁለቱን ከየት አመጣህ?»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ስልክ ላይ ሁለት ሚሊሜትር የነበረው ነገር ባነር ላይ መዳፍ ያህል ሆኗል። አንዱ ማሰሪያ ምላሱ ላይ ደርሶ ቆዳው ውስጥ ይሰምጣል። ቋጠሮው ላይ ሦስት ጆሮና አንድ ጅራት አለ። በሶሉ ዙሪያ ያለው ስፌት ከጣቱ ጋ ጀምሮ መሃል ላይ ጠፍቶ ተረከዙ ጋ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ብቅ ይላል። አቦ፣ በሰው ፊት አፈርኩ።

ስለዚህ የዛሬው ወሬ ይሄ ነው። ማሰሪያውና ስፌቱ ለምን እንደሚበላሽ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ እኔና ባለ ሱቋ ባነሩን እንዴት እንደገና እንደሠራነው።

ከማሰሪያው እንጀምር። ሁላችሁም ጫማ አድርጋችኋል፣ ሰንደል ያደረጋችሁት ከጎረቤት ተበደሩ። ጎንበስ በሉና ቀዳዳውን ቁጠሩ። የዚያ ነጭ ስኒከር ቀዳዳ በአንድ ወገን ሰባት፣ በሁለቱ ወገን አሥራ አራት ነበር። ማሰሪያው ደግሞ አንድ ነው። ይሄን እንዳትረሱ። ምንም ያህል ቢጠላለፍ አንድ ገመድ ነው፣ ጫፉም ሁለት ብቻ ነው። ሰባት ጥንድ ቀዳዳ ላለው ጫማ ርዝመቱ 120 ሳንቲሜትር ገደማ ነው።

ከታች ሲጀምር፣ ጣታችሁ አጠገብ፣ አንድ አግዳሚ መስመር ይሠራል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ይሻገራሉ። የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ሰባት ረድፍ ካለ መሻገሪያው ስድስት ነው፣ ሰባትም ስምንትም አይሆንም። በየመሻገሪያው አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር ይተኛል። እዚህ ላይ የሰው ልማድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሁልጊዜ ከግራ የሚመጣውን ከላይ ያደርጋል። አንዳንዱ ያንኑ አንዱን ጫፍ እስከ መጨረሻው ከላይ ይዞት ይወጣል፣ ስለዚህ አንዴ የግራው አንዴ የቀኙ ከላይ ይሆናል። ሁለቱም ልክ ነው። ግን ሰው ሲያስር እጁ አንድ ልማድ ነው የሚይዘው። ሦስቱን በአንዱ፣ ሁለቱን በሌላው፣ አንዱን ደግሞ በየትኛውም ያልሆነ አድርጎ የሚያስር ሰው አላየሁም።

ላይ ሲደርስ ቋጠሮ አለ። ከቋጠሮው አራት ነገር ይወጣል። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ጅራት። ጅራቶቹ ጫፍ ላይ ያቺ ጠንካራ ፕላስቲክ አለች። አራት ነው። ሦስት ጆሮ ያለው የኔ ባነር ላይ ብቻ ነው።

አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን የጫማ ምስል ክፈቱና አጉሉት። ጣታችሁን ከአንዱ ጅራት ጫፍ አስቀምጡ። ማሰሪያውን ተከተሉ። ወደ ቋጠሮው፣ ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ፣ ወደ መሻገሪያው፣ እስከ ታችኛው አግዳሚ፣ ከዚያ በሌላው ወገን ወደ ላይ። ጣታችሁ ሌላኛው ጅራት ላይ ከደረሰ ማሰሪያው እውነተኛ ነው። መሃል መንገድ ላይ ጣታችሁ ወዴት እንደሚሄድ ከጠፋው ምስሉ ተበላሽቷል። እኔ ይሄን ከዚያ አባት በፊት አድርጌው አላውቅም ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚህ አቀማመጥ ከእናንተ የራቀው የቀዳዳ ረድፍ በከፊል ይደበቃል። ምላሱና ማሰሪያው ይሸፍኑታል። ስለዚህ በሩቁ ወገን አምስት ብቻ ብታዩ ስህተት ላይሆን ይችላል። መጠየቅ ያለባችሁ «የጠፋው የት ገባ?» ብላችሁ ነው። የሚሸፍነው ነገር ካለ ደህና። የሚሸፍነው ሳይኖር ቀዳዳው ከሌለ ግን አልነበረም ማለት ነው። የኔ ባነር ላይ በቅርቡ ወገን ሰባት፣ በሩቁ አምስት፣ መሻገሪያው ደግሞ ስምንት ነበር። በምን ሒሳብ እንደሆነ እኔንም አትጠይቁኝ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ቀላሉ መልስ ኤአዩ ማሰሪያ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። በጣም ብዙ የጫማ ፎቶ አይቷል። እዚህ አካባቢ ነጭ ሰያፍ መስመር ይኖራል፣ ከጎኑ ክብ ቀዳዳ ይኖራል ይላል። ይሄ ለአንዲት ትንሽ ቁራጭ ልክ ነው። ማሰሪያ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ መሆን ያለበት ነገር ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ ብቻዋን ታምራለች፣ ሲገጣጠሙ ግን አይገናኙም። ሽመና ሳይችል የጥበብ ጥለት የሚስል ሰው አስቡ። ከሩቅ ጥለት ይመስላል። ክሩን ሳብ ብታደርጉት ግን ምንም አይፈታም።

የስፌቱ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ይሄኛው የልክ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ቆም ልበልበት።

ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለውን የኤአይ ምስል መሥሪያ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው ለሕዝብ የተለቀቀው። አሠራሩ ምስሉን በቀጥታ በፒክስል አይሥልም። መጀመሪያ በጣም የተጨመቀ ትንሽ ምስል ላይ ይሠራል፣ በኋላ ይዘረጋዋል። በቁመትም በወርድም ስምንት እጥፍ ያሳንሰዋል። 512 በ512 የሆነው ምስል ውስጡ ሲሠራ 64 በ64 ነው። በሌላ አነጋገር ስምንት በስምንት ፒክስል የሆነች ካሬ ለእሱ አንድ ነጥብ ነች።

ይሄን ወደ ጫማችን እናምጣው። ጫማ ሰፊው አባት ማስመሪያ አወጡና የዚያን ስኒከር ስፌት ለካን። በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ ሦስት፣ አንዳንድ ቦታ አራት ስፌት አለው። እኔ ያሠራሁት ምስል ወርዱ 1024 ፒክስል ነው፣ ጫማው ከዚያ 800ውን ይዟል። ጫማው 30 ሳንቲሜትር ነው ብንል አንዱ ሳንቲሜትር 27 ፒክስል ያህል ደረሰው። 27ን ለሦስት አካፍሉት፣ ዘጠኝ። ለአራት ካካፈላችሁት ሰባት። እንግዲህ አንዷ ስፌት ከነክፍተቷ ሰባት ወይም ዘጠኝ ፒክስል ነች። ማሽኑ የሚያያት ትንሿ ነጥብ ደግሞ ስምንት።

አያችሁ ነገሩን? አንድ ስፌትና ክፍተቱን ለመለየት ቢያንስ ሁለት ነጥብ ያስፈልጋል። እኛ የሰጠነው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስፌት ይሁን፣ ሽንትር ይሁን፣ ቆሻሻ ይሁን ይገምታል። ተረከዙ ከእናንተ ስለሚርቅ ደግሞ እዚያ ያንሳል። ጉንዳኖቹ የመጡት ከዚህ ነው።

መፍትሔው ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። ጫማውን በሙሉ አንዴ አታሠሩት። መጀመሪያ ጠቅላላ ቅርጹን፣ ከዚያ ስፌት ያለበትን ቦታ ለብቻው ቆርጣችሁ አጉሉት። አሥር ሳንቲሜትር የሚሆነውን ክፍል ወስዳችሁ 1024 ፒክስል ካደረጋችሁት አንዱ ሳንቲሜትር 100 ፒክስል ሆነ። አንዷ ስፌት 25 እስከ 33 ደረሳት፣ ሦስት አራት ነጥብ ማለት ነው። አሁን ስፌት መሆኗን ማየት ይችላል። ያንን ክፍል ብቻ ያሻሽለዋል፣ እናንተ ወደ ቦታው ትመልሱታላችሁ። ፕሮግራሙ ውስጥ ምን ያህል ይቀየር የሚለው መጠን ከዜሮ እስከ አንድ ነው። እኔ 0.3 አካባቢ ነው የምይዘው። 0.7 ካደረጋችሁት ሌላ ጫማ ሠርቶ ይሰጣችኋል።

ስፌቱ ይስተካከላል። ማሰሪያው ግን በዚህ አይድንም። ማሰሪያ ሲጎላ የባሰ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ቁራጩ ውስጥ ሆኖ ሌላው ጫፍ የት እንደሄደ አያይም። ይሄን ለሁለት ቀን ሞክሬ ነው የተውኩት።

ይሄን ጽፌ ነበር ያሠራሁት፣ ሁለተኛ ዙር ላይ ማለቴ ነው፦

```
three-quarter view, left sneaker, camera at midsole height,
white leather, seven eyelet pairs, flat laces criss-cross,
cupsole with sidewall stitch, contact shadow
```

ሰባት ብዬ ጽፌለታለሁ። ስድስት ሰጠኝ፣ ዘጠኝ ሰጠኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ስድስት በቀኝ ስምንት ሰጠኝ። ቁጥር በጽሑፍ መንገር ተስፋ አይጣልበትም። በመጨረሻ ባለ ሱቋ ተናደደችና «ጫማው እዚህ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ለምን ቁጭ ብለህ አታነሳውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ እናንሳው።

ጠረጴዛውን የሱቁ በር አጠገብ ከጥላው በኩል አደረግን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። የድሬን ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ አራት ሰዓት ካለፈ ነጭ ቆዳ ላይ ምንም ዝርዝር አይተውም። ጫማውንም ፀሐይ ላይ ረስታችሁት እንዳትሄዱ፣ ሙቀት ማስቲሹን ያላላዋል። ብርሃኑ ከበሩ ከጎን ይገባል። ይሄ ለሶል ጥሩ ነው። ብርሃን ከፊት ሲመጣ ሶሉ ላይ ያለው ሽንትር ሁሉ ይደፈናል። ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ጎድጓዳ የራሱ ጥላ ይኖረዋል፣ ስፌቱም ብቅ ይላል። በጨለማው ወገን ነጭ ካርቶን አቆምን፣ ብርሃን እንዲመልስ።

ጫማው ውስጥ ወረቀት ተጠቅጥቋል፣ ምላሱ እንዳይወድቅ። ማሰሪያውን ፈታነውና እንደገና አሰርነው። ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው፣ በየቀዳዳው ይጠማዘዛል፣ በጣት እየተቃና ነው የሚያልፈው። ይሄን የሠሩት አባት ናቸው። አሥር ደቂቃ ፈጀባቸው፣ ሻይ ጋበዝኳቸው።

አሁን ማዕዘኑ። ጫማውን በጎኑ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ጣቱን ወደ እናንተ አዙሩ፣ 35 ወይም 40 ዲግሪ። ከ20 ካነሰ አሁንም የጎን ፎቶ ነው፣ የሩቁ ቀዳዳ አይታይም። ከ50 ካለፈ ጫማው ያጥራል፣ 42 ቁጥሩ 38 ይመስላል።

ከፍታው ላይ ሙግት አለ። ሶሉ እንዲታይ ዝቅ በሉ፣ ማሰሪያው እንዲታይ ከፍ በሉ። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ መካከል ላይ ትደራደራላችሁ። እኛ ከጫማው 1.5 ሜትር ርቀን ስልኩን ከጠረጴዛው 20 ሳንቲሜትር ላይ አደረግነው። ሶሉ ግርማ አለው፣ ማሰሪያው ግን ተጨፍልቋል። 60 ላይ ስናደርገው ማሰሪያው ተዘረጋ፣ ሶሉ ግን ቀጭን መስመር ሆነ። 40 ላይ ቆምን። 15 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ማየት ነው። ለዚህ ጫማ ሠራልን። ሶሉ ቀጭን ለሆነ ጫማ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል።

1.5 ሜትር ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው ስልኩን አስጠግቶ ነው የሚያነሳው። በዚህ ማዕዘን ጣቱ ከተረከዙ 19 ሳንቲሜትር ያህል ይቀርባችኋል። ከጫማው መሃል 40 ሳንቲሜትር ርቃችሁ ብታነሱ ጣቱ በ31፣ ተረከዙ በ49 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ጣቱ ከተረከዙ በ60 በመቶ ያህል ገዝፎ ይወጣል። የቀልድ ጫማ ይመስላል፣ ያ የካርቱን አይጥ የሚያደርገው ዓይነት። በ1.5 ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። ራቅ በሉና ስልኩን 2x ላይ አድርጉት። ፖርትሬት የሚለውን ግን አጥፉት። ጀርባውን ሲያደበዝዝ የማሰሪያውን ጆሮ አብሮ ይቆርጠዋል። ያው ማሰሪያው እንደገና ተበላሸ ማለት ነው፣ ያለ ኤአይ ምስል መሥሪያ።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም እጁን አውጥቶ ጠየቀኝ። «ሁሉም ጫማ ሶሉ ላይ ስፌት ሊኖረው ይገባል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ያኔ አላውቅም ነበር፣ ጫማ ሰፊው ናቸው ያስረዱኝ።

አይገባም። ያ ነጭ ስኒከር ሶሉ እንደ ሳህን ነው። ጠርዙ ወደ ላይ የተነሳ ነው፣ የጫማው አካል ውስጡ ይቀመጣል። ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ጎድጓዳ መስመር አለ፣ ስፌቱ እዚያ ውስጥ ነው የሚሄደው። ክሩ ጎድጓዳው ውስጥ የገባው መሬትና ድንጋይ እንዳይበላው ነው። ስለዚህ ምስል ላይ ስፌቱ ከሶሉ ላይ ጎልቶ ከታየ ተጠራጠሩ። ሸራ ጫማ ደግሞ ሌላ ነው። ሶሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጎኑ ላይ ቀጭን የጎማ ጥብጣብ ዞሮት ተለጥፎ አንድ ላይ በሙቀት ይበስላል። እዚያ ስፌት የለም። ጥብጣቡ የሚገናኝበት ቦታ ግን ይኖራል። የሩጫ ጫማ ወፍራም ስፖንጅ ሶሉ በማጣበቂያ ብቻ ነው የሚያያዘው፣ እሱም ጎኑ አይሰፋም። ኤአይ ይሄን ሁሉ ይደባልቀዋል። የሩጫ ሶል ላይ የቆዳ ጫማ ስፌት ያደርጋል። ከሩቅ ያምራል። ጫማ የሚሸጥ ሰው ግን ወዲያው ያውቃል፣ ደንበኛውም ቀስ እያለ ያውቃል።

ከላይ ያለው ስፌትም የራሱ ሕግ አለው። ከቆዳው ጠርዝ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ገባ ብሎ ጠርዙን ተከትሎ ይሄዳል። ድርብ ከሆነ ሁለቱ መስመሮች አይራራቁም፣ አይቀራረቡም። ሲያልቅ ሌላ ቆዳ ሥር ይገባል ወይም ሶሉ ሥር ይገባል። ባዶ ሜዳ ላይ የሚያልቅ ስፌት ካያችሁ ጠይቁ። «ስፌት የሚሰፋው የሆነ ነገር ከሆነ ነገር ጋር ለማያያዝ ነው» አሉኝ አባት፣ «ይሄ የአንተው ምንን ከምን ጋር ነው የያዘው?» ባነሩን እያመለከቱ ነው። አንዱ መስመር በእርግጥም አንድ ቆዳ መሃል ለመሃል አቋርጦ ሄዷል። ምንም አልያዘም።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ ኤአዩን አልጣልኩትም። ጀርባውን ሠራልኝ። የሱቁ ጠረጴዛ ጭረት ስለነበረበት ባለ ሱቋ የጥንቱን ባቡር ጣቢያ የመሰለ ግድግዳ ፈለገች። ጫማውን ሸፈንኩት፣ አንድ ፒክስል እንዳይነካ። ከሽፋኑ ውጭ ያለውን ብቻ ቀየረ። ሸክላውን ግድግዳ ምንም ቢያዛባው የሚከሰኝ የለም። ጫማው ግን እሷ የምትሸጠው ዕቃ ነው፣ ገዢው ሱቅ ሲመጣ ያንኑ ማግኘት አለበት።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተቸገርኩ፣ ጥላው ላይ። አዲሱ ወለል ላይ ጫማው ሊበር የደረሰ መሰለ። ጫማ ወለል ላይ ሲቀመጥ ሶሉ ሙሉ በሙሉ መሬት አይነካም። ጣቱ ጋ ትንሽ ወደ ላይ ያነሳል፣ ለመራመድ እንዲመች። መሬት የሚነካው የፊት እግር የሚረግጥበት ቦታና ተረከዙ ነው። ስለዚህ ጥላው በነዚህ ቦታዎች ጠቆር ያለና ቀጭን ይሆናል፣ ጣቱ ሥር ግን እየሳሳ ይሄዳል። ኤአዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥቁር መስመር ነበር ያሠመረው። ያንን አጥፍቼ ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ የእውነተኛውን ጥላ ወስጄ አስቀመጥኩ። አሁን ቆመ።

ነጭ ሶል በነጭ ጀርባ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ብቻ። ጠርዙ ይጠፋል። ጥቁር ካርቶን ከጫማው ግራና ቀኝ፣ ፎቶው ውስጥ ሳይገባ አስጠጉ። በሶሉ ጠርዝ ላይ ግራጫ መስመር ይሠራል። ያ መስመር ነው ሶሉን ከጀርባው የሚለየው።

ባነሩ ላይ ሁለተኛ ጫማም ነበር። ባለ ሱቋ የሶሉ ጥርስም ይታይ አለች፣ መሬት የሚረግጠው ክፍል። ለዚህ የተለመደው አቀማመጥ አንዱ ጫማ ቆሞ፣ ሌላው ከኋላው በጎኑ ተደግፎ ሶሉን ለካሜራው መስጠቱ ነው። ብርሃኑ ሶሉን እየጠረገ እንዲሄድ በጣም ዝቅ ተደርጎ ከጎን ይገባል። ጥርሱ የአሣ አጥንት ዓይነት ነበር፣ ጣቱ ጋ መዞሪያ ክብ ያለው። ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሁለቱን ለየብቻ አንስቼ አገናኘኋቸው። ኮራሁ ማለት ይቻላል።

አዲሱ ባነር ሲሰቀል አባትን ራሴ ጠራኋቸው። ተነሱ፣ እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው አዩ። በጣታቸው አየር ላይ ማሰሪያውን ተከተሉ። ስድስት መሻገሪያ፣ ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ጅራት። የሶሉን ስፌት ከጣት እስከ ተረከዝ ሄዱበት።

«ማሰሪያው ልክ ነው» አሉ። «ስፌቱም ልክ ነው።»

ተነፈስኩ።

«ግን ሁለቱም የግራ ናቸው።»

አየሁት። የሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው አንዱ እግር ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ፣ ሌላው ካርቶን ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ቆሞም ተደግፎም ያነሳሁት ያንኑ የመደርደሪያውን ጫማ ነው። የተደገፈው ሶል ላይ የውስጠኛው የእግር ጎድጓዳ በተሳሳተ ወገን ነው ያለው። ምንም ኤአይ የለበትም። እኔው ነኝ።

ማተሚያ ቤቱ ለሦስተኛ ጊዜ ለማተም ሙሉ ዋጋ ጠየቀ። ባለ ሱቋም፣ ይኸው እዚህ እየሳቀች ነው፣ አልከፍልም አለች። ባነሩ አሁንም ተሰቅሏል። ነገ ጠዋት በዚያ ካለፋችሁ ታዩታላችሁ፣ አባትም ከሥሩ ናቸው።